የተከፈለበት ክፍል ሌላ፣ የተሰጠው ክፍል ሌላ፦ ከመካ ሆቴል ገንዘብን በከፊል ማስመለስ

ለዑምራ የሚጓዝ ቤተሰብ ከአውሮፕላን ትኬት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለመካ ሆቴል ነው። ይህንንም ክፍል አብዛኛው ሰው በአካል ሳያየው፣ በስልኩ ፎቶ አይቶ ይከፍልበታል። ደርሶ በሩን ሲከፍት ግን አራት አልጋ የተባለው ሦስት ሆኖ፣ «ከሐረም አጠገብ» የተባለው ዳገት ላይ ሆኖ የሚያገኘው ጥቂት አይደለም። አንዱ «የመጣነው ለዒባዳ ነው፣ ሰብር እናድርግ» ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስ ብሎ ይጨቃጨቅና መሄጃ ስለሌለው መጨረሻ ላይ እዚያው ያድራል። ሁለቱም ወደ ሀገር ሲመለሱ በእጃቸው ላይ ምንም ማስረጃ አይኖርም።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ሌላ መንገድ ነው፤ እዚያው እያደሩ፣ ከከፈሉት ላይ የጎደለውን ያህል ብቻ መጠየቅ። ሙሉውን የጠየቀ ሰው «ታዲያ ለምን አምስት ሌሊት አደርክ?» ሲባል መልስ ያጣል። የጎደለውን በሒሳብ አስልቶ የጠየቀ ሰው ግን ይህ ጥያቄ አይነካውም።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ሆቴሉ በእርግጥ ቃል የገባውና እኛ የጠበቅነው ነገር ነው። ቃል የተገባው በክፍያ ማረጋገጫው ላይ የተጻፈውና በማስታወቂያው ገጽ ላይ ስለዚያ ክፍል ዓይነት በዝርዝር የተነገረው ነው፦ የአልጋ ብዛት፣ መስኮት መኖሩ፣ ቁርስ መካተቱ፣ ርቀቱ። ክፍሉን ስንይዝ በማስታወሻ ቦታው ላይ «ከፍ ያለ ፎቅ ብናገኝ»፣ «ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ቢሆኑ» ብለን የጻፍነው ግን ጥያቄ እንጂ ውል አይደለም፤ ካልተሟላ ቅር ይለናል እንጂ ገንዘብ አያስመልስም። በመካ ሆቴሎች ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «የከዕባ እይታ»፣ «የሐረም እይታ» እና «ከፊል የሐረም እይታ» የተለያዩ የክፍል ዓይነቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም በጣም ይራራቃል። የሐረም እይታ ተብሎ ሚናራና አደባባይ ብቻ የሚያሳይ ክፍል ከዕባን ባያሳይም እንደ ቃሉ ነው። ከፊል የተባለውማ አንገትን ከመስኮቱ አስግጎ የሚታይ ሊሆን ይችላል።

ርቀትም እንዲሁ ነው። ከሆቴሉ እስከ ሐረም 600 ሜትር ሲባል ከየት ተነስቶ እስከ የት እንደተለካ መታየት አለበት። ቦታ ማስያዣ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ቀጥታ በአየር ላይ የተሰመረውን ርቀት ነው። መካ ግን ተራራማ ከተማ ናት፤ በአጅያድ በኩል ያሉ መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት ናቸው፣ ደረጃም አላቸው። በአየር 600 ሜትር የሆነው በእግር ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያም የመስጂዱ ውጫዊ አደባባይ ላይ መድረስና መጧፍ ላይ መድረስ አንድ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያው «600 ሜትር» ብቻ ካለ አከራካሪ ነው። «በእግር 8 ደቂቃ» ወይም «በእግር 600 ሜትር» ካለ ግን የሚለካ ቃል ነው፣ በስልክ ካርታ ላይ የእግር መንገዱን አውጥቶ ማሳየት ይቻላል። «ነፃ የማመላለሻ አውቶቡስ አለ» የሚለውም እንዲሁ መታየት አለበት፤ በሰላት ሰዓት በሐረም ዙሪያ ያሉ መንገዶች ለተሽከርካሪ ስለሚዘጉ አውቶቡሱ የሚያወርደው ራቅ አድርጎ ነው። አውቶቡሱ ጭራሹን ከሌለ ቅሬታ ነው፤ ራቅ አድርጎ ካወረደ ግን የከተማዋ ባሕርይ ነው።

ይህን ከለየን በኋላ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የፊቅህ መጻሕፍት በግዥ ምዕራፍ ላይ «ኺያር አል-ዐይብ» ብለው የሚያነሡት ጉዳይ አለ፤ ገዥ የማያውቀው ጉድለት በዕቃው ላይ ሲገኝ የሚኖረው ምርጫ ነው። እዚያ ላይ ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ዕቃውን ዝም ብሎ መጠቀም እንደ መስማማት ሊቆጠር እንደሚችል ተጽፏል። ሆቴሎችና ባንኮች የፊቅህ መጽሐፍ ባያነቡም አካሄዳቸው ከዚህ ብዙም አይለይም፦ ያየህ ቀን ካልተናገርክ ተቀብለኸዋል ነው የሚሉት። ስለዚህ ሻንጣው ሳይፈታ፣ አልጋው ላይ ሰው ሳይቀመጥ፣ ስልክ ይውጣ። ከበሩ ቁጥር ጀምሮ ሳይቋረጥ አንድ ቪዲዮ ይነሣ፤ አልጋዎቹ አንድ በአንድ፣ መስኮቱና ከመስኮቱ ውጭ ያለው፣ መታጠቢያው። ተቆራርጠው ከተነሡ ፎቶዎች ይልቅ ያልተቋረጠ ቪዲዮ የዚያ ክፍል መሆኑን ያስረዳል። የሚቀረጸው ግን ክፍሉ ብቻ ይሁን። ሠራተኛን ያለ ፈቃዱ መቅረጽ፣ ይባስ ብሎም ሆቴሉን በስም እየጠሩ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ፣ በሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ ከሳሽን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላል።

ከዚያ ወደ ሪሴፕሽን መውረድና ክፍሉ እንዲቀየር መጠየቅ ነው። ገንዘብ እንዲመለስ አይደለም፤ ገና ነው። መጀመሪያ ሆቴሉ እንዲያስተካክል ዕድል መስጠት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በኋላ ቅሬታውን የሚያይ ማንኛውም አካል የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለሆቴሉ ነግረኸዋል ወይ? ምን አለህ?» የሚል ነው። በቃል የተነገረው ወዲያው በጽሑፍ ይላክ። ቦታው በመተግበሪያ ከተያዘ በዚያው በመተግበሪያው የመልእክት ሳጥን ይላክ፤ ሰዓቱና ቀኑ እዚያ ይቀራልና። «ዛሬ መግሪብ ላይ ደርሰን ክፍል ቁጥር እገሌ ተሰጠን፤ የከፈልንበት አራት ቋሚ አልጋ ያለው ነው፣ ያገኘነው ሦስት አልጋና አንድ ተጣጣፊ ፍራሽ ነው፤ እንዲቀየር ጠይቀናል፣ ነገ ተብለናል» የሚል ሁለት ሦስት መስመር በቂ ነው። የሪሴፕሽኑ ሰው ፈገግ ብሎ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ያለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በዚያው ምሽት ሊሠራ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። በዚያኑ ቀን በመተግበሪያው ላይ ተገብቶ ቃል የተገባልን ዓይነት ክፍል፣ በተባለው ርቀት፣ በእነዚያው ሌሊቶች ስንት እንደሚሸጥ ይፈለግ። ቀጥሎ በእርግጥ የተሰጠንን የሚመስል ክፍል፣ በእርግጠኛው ርቀት ላይ፣ ስንት እንደሆነ ይፈለግ። ሁለቱም በስክሪን ሾት ይያዙ። የመካ ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ሌሊቶችማ ከሌላው ጊዜ ጋር አይወዳደርም። ከሳምንት በኋላ ያን ቀን የነበረውን ዋጋ መልሶ ማግኘት አይቻልም። የምንጠይቀውን ገንዘብ የምናሰላውም በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለ5 ሌሊት በ360 ሪያል ሒሳብ 1,800 ሪያል ከፍሏል እንበል። ማስታወቂያው አራት ቋሚ አልጋ፣ መስኮት እና ከሐረም አደባባይ በእግር 600 ሜትር ይላል። የተሰጣቸው ሦስት አልጋና ተጣጣፊ ፍራሽ ያለበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ የእግር መንገዱም 1.4 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሁለት ሌሊት ከታገሡ በኋላ ሆቴሉ ክፍሉን ቀየረላቸው፤ ለቀሪዎቹ ሦስት ሌሊቶች ትክክለኛውን ባለ አራት አልጋ ክፍል አገኙ። ርቀቱ ግን ያው ነው፣ ሆቴሉን ማንም አያንቀሳቅሰውም።

በመጀመሪያው ምሽት የፈለጉት ዋጋ እንዲህ ወጣ እንበል፦ እንደ ማስታወቂያው ያለ ክፍል በ600 ሜትር ላይ 400 ሪያል፤ ያው ባለ አራት አልጋ ክፍል በ1.4 ኪሎ ሜትር ላይ 340 ሪያል፤ የተሰጣቸውን የሚመስለው ባለ ሦስት አልጋ ክፍል በ1.4 ኪሎ ሜትር ላይ 300 ሪያል። አንዳንዱ እዚህ ላይ ቸኩሎ 400 ሲቀነስ 300፣ «በሌሊት 100 ሪያል ይገባኛል» ይላል። ልክ አይደለም። የከፈሉት 400 ሳይሆን 360 ነው፤ ቀድመው በመያዛቸው በርካሽ አግኝተዋልና። ትክክለኛው ስሌት በመቶኛ ነው። የጉድለቱ ዋጋ ከሙሉው ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ ይታይና ያው እጅ ከተከፈለው ላይ ይነሣል። ፉቀሃዎች «አርሽ» የሚሉትን የጉድለት ካሣ የሚያሰሉትም በዚሁ መንገድ ነው፦ ዕቃው ሙሉ ቢሆን የሚያወጣውና ጎድሎ የሚያወጣው ይነጻጸርና በዚያው ልክ ከተከፈለው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። (በኪራይ ላይ ጉድለቱን እያወቀ የቆየ ተከራይ ቅናሽ ይገባዋል ወይ የሚለው የፈትዋ ጉዳይ ስለሆነ ለዑለሞች እንተወዋለን፤ እኛ እዚህ የወሰድነው የስሌቱን ዘዴ ነው።)

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ጉድለቱ ከ400 ላይ 100 ነው፣ ማለትም ሩብ። የ360 ሩብ 90 ነው፤ ለሁለት ሌሊት 180 ሪያል። ለቀሪዎቹ ሦስት ሌሊቶች የጎደለው ርቀቱ ብቻ ነው፤ ከ400 ላይ 60፣ ማለትም 15 በመቶ። የ360 15 በመቶ 54 ነው፤ ለሦስት ሌሊት 162 ሪያል። ድምሩ 342 ሪያል። ከተከፈለው 1,800 ላይ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። «ይህ ብቻ?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሆቴሉ ቁጥር በቁጥር ሊከራከርበት የሚችለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለመክፈል የማይከብደው መጠን ይህ ነው። «ዒባዳችን ተበላሸ፣ እናታችን ደከመች» የሚለው እውነት ቢሆንም በሪያል አይለካም፤ ደብዳቤው ላይ ከገባ ሒሳቡን ያደበዝዘዋል። እናት በዳገቱ ምክንያት በታክሲ ከተመላለሰች ደረሰኙ ይያያዝ፤ ያ የሚለካ ወጪ ነው። ያን ጊዜ ግን ለእርሷ የርቀቱን ቅናሽም የታክሲውንም ሙሉ ሒሳብ መጠየቅ አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ ማስከፈል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄው የሚላከው ማን ዘንድ ነው? ገንዘቡን የተቀበለው ማን እንደሆነ የባንክ መግለጫው ላይ ይታያል። ካርዱ ላይ የተቆረጠው በመተግበሪያው ድርጅት ስም ከሆነ ጥያቄው ለእሱ፣ በሆቴሉ ስም ከሆነ ለሆቴሉ፣ ግልባጩ ለሌላው ይላካል። ክፍያው አዲስ አበባ ለሚገኝ የጉዞ ወኪል ከሆነ ግን ውሉ ከወኪሉ ጋር ነው፤ «ሆቴሉን ጠይቁ» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ሆቴሉ ዘንድ የእናንተ ክፍያ በስማችሁ ላይመዘገብ ይችላልና። አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል፣ ወኪሉም የሸጠውን ጥቅል ያስተዋወቀ ነጋዴ ነው። የወኪሉን በራሪ ወረቀት ወይም በቴሌግራም የላከውን የሆቴል ስምና ርቀት ከመሄድ በፊት ማስቀመጥ ለዚህ ይጠቅማል። ብዙ ጥቅል ላይ የሆቴሉ ስም ቀጥሎ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል ይገኛል። ይህ ቃል ሌላ ሆቴል መስጠትን ይፈቅዳል፤ ደረጃውና ርቀቱ ያልተመሳሰለ ሆቴል መስጠትን ግን አይፈቅድም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ለሆቴሉ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይላካል። ከላይ ላለው ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

«በዚህ ቁጥር የተያዘ፣ 5 ሌሊት፣ 1,800 ሪያል የተከፈለበት። በማስታወቂያው (አባሪ 1) አራት ቋሚ አልጋ፣ መስኮት እና ከሐረም አደባባይ በእግር 600 ሜትር ተብሏል። የተሰጠን ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ሦስት አልጋ ያለው፣ መስኮት የሌለው ነበር (አባሪ 2፣ ቪዲዮ)። በደረስንበት ምሽት በጽሑፍ አሳውቀናል (አባሪ 3)። በሦስተኛው ቀን ክፍሉን ስለቀየራችሁልን እናመሰግናለን። የእግር ርቀቱ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው (አባሪ 4)። በዚያው ቀን በነበረው ዋጋ መሠረት (አባሪ 5) ለሁለት ሌሊት 180፣ ለሦስት ሌሊት 162፣ በድምሩ 342 ሪያል ወደተከፈለበት ካርድ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። በ14 ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን።»

ሆቴሉ ያስተካከለውን ማመስገን ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የቀየሩልን መሆኑ ተጽፎ ሲገኝ ቅሬታውን የሚያየው ሰው ሌላውንም እውነት ነው ብሎ ያነበዋል።

ከዚያ የሚመጡት መልሶች ብዙም አይለያዩም። የመጀመሪያው «ክፍያችሁ የማይመለስ ዓይነት ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል የሚመለከተው ደንበኛ ሐሳቡን ቀይሮ ሲሰርዝ ነው፤ እኛ አልሰረዝንም፣ የጠየቅነው የተሸጠልንና የተሰጠን ስላልተመሳሰለ ነው። ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይበቃል። ሁለተኛው መልስ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ነው። በየዓመቱ ለሚመላለስ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ በሕይወቱ አንዴ ለሄደ ገበሬ አባት ግን ወረቀት ነው። ቫውቸሩን መቀበል ብዙ ጊዜ ጉዳዩን እንደ መዝጋት ስለሚቆጠር የማይፈልግ ሰው ከመቀበሉ በፊት አልፈልግም ይበል። ሦስተኛው፣ ግማሹን እንመልስ የሚል ነው። 342 ተጠይቆ 250 ከመጣ፣ በእኛ እይታ፣ ተቀብሎ መጨረስ አይከፋም።

መልስ ካልመጣ የሳዑዲ ቱሪዝም ሚኒስቴር ስለ ሆቴሎች ቅሬታ የሚቀበልበት የስልክ ቁጥር 930 ነው። በሳዑዲ ውስጥ ሆነው ሲደውሉ ይቀላል፤ ስለዚህ ችግሩ ሲፈጠር እዚያው እያሉ መደወል ከተመለሱ በኋላ ከመሞከር ይሻላል። የሐጅና ዑምራ ሚኒስቴር ቁጥር 1966 ሲሆን ጥቅሉን ለሸጠው የዑምራ ድርጅት ጉዳይ የሚቀርበው እሱ ነው።

የመጨረሻው በር ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ አሠራር አገልግሎቱ እንደተነገረው ካልሆነ ባለካርዱ ክፍያውን መቃወም ይችላል፤ ጊዜውም በጥቅሉ 120 ቀን ነው። ባንክ ግን ከማንም በላይ ጠያቂ ነው። መጀመሪያ ከሆቴሉ ጋር ለመጨረስ መሞከራችሁን በጽሑፍ ማሳየት ይፈልጋል፤ አገልግሎቱን ለመተው ሞክራችሁ እንደነበርም ይጠይቃል። ሙሉ አምስቱን ሌሊት ያደረ ሰው በባንክ በኩል የመርታት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ክፍሉ ጭራሹን የማይታደርበት ከሆነ ያንኑ ምሽት ቀሪዎቹ ሌሊቶች እንዲሰረዙ በጽሑፍ ጠይቆ መውጣት፣ የሚታደርበት ከሆነ ደግሞ ከላይ ባለው መንገድ ከሆቴሉ ጋር መጨረስ ይመረጣል።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ አንድ የተለመደ ነገር ስላለ ይህንንም እንጨምር። ብዙ ጊዜ ክፍሉን የሚይዘው ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለ የአክስት ልጅ ነው፣ ካርዱም የእሱ ነው። ተመላሹ የሚገባው ወደዚያው ካርድ ነው፤ ባንክ ዘንድ መቃወም የሚችለውም ባለካርዱ ብቻ ነው፤ በመተግበሪያው የመልእክት ሳጥን የሚጻፈውም በእሱ አካውንት ነው። ስለዚህ ክፍሉ ሲያዝ የማረጋገጫውና የማስታወቂያው ገጽ ስክሪን ሾት ለተጓዡ ይላክለት። በደረሱበት ምሽት ደግሞ ቪዲዮውና ዋጋዎቹ ወዲያው ለባለካርዱ ይላኩ። እሱ ተኝቶ ከሆነም ተጓዡ በራሱ ስልክ ለሆቴሉ ኢሜይል አንድ መስመር ቢልክ የመጀመሪያው ምሽት ማስታወቂያ ተመዝግቦ ይቀመጣል።